ባዶዎቹን ቆጥራችኋል?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የድሮ ጎረቤቴ ልጇን ይዛ መጣች። ከጊዮርጊስ ቁልቁል የነበረው ሰፈራችን በ2016 ሲፈርስ እነሱ ወደ ኮንዶሚኒየም ወጡ፤ እኔ ፒያሳ ጫፍ እህቴ ቤት ተጠጋሁ። ከተበታተንን ወዲህ የምንገናኘው ለለቅሶና ለክርስትና ብቻ ስለሆነ ሳይደውሉ በመምጣታቸው ደነገጥኩ። ልጅቷ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። እናቲቱ ገና ነጠላዋን ሳታስተካክል "ሲስተር፣ አንቺ ሰው ታውቂያለሽ፤ ሄደሽ ለባለቤቱ ለምኚልን" አለችኝ።

ልጅቷ የያዘችውን ደብዳቤ ተቀብዬ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ሦስት መስመር ነው። "በፈጸሙት የሥነ ምግባር ጉድለት ምክንያት ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግደዋል" ይላል። የትኛው ጉድለት? መቼ? ስንት ብር? ማን አየ? አንዱም የለም። ልጅቷን ጠየቅኳት፤ እሷም አታውቅም። ከባልደረቦቿ "ሒሳብ ጎድሏል" የሚል ወሬ ሰምታለች።

"ልመና አልሄድም" አልኳቸው። እናቲቱ ተቀየመችኝ፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ቡናው እስኪፈላ ድረስ እንዲቆዩ ለምኜ ለሃያ ዓመት ያህል ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ነገርኳቸው። ለእናንተም የምጽፈው እሱኑ ነው። የተቋሙን ስም፣ የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ትቼዋለሁ።

ያኔ አራዳ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ነርስ ነበርኩ፤ በሠራተኛው ተመርጬም የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ሆኜ ነበር። አምስት ነበርን። ከመካከላችን በሕግ ያለፈ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛችን ላይ የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 262/1994 እና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 77/1994 ነው፤ ያም ቢሆን ብዙዎቻችን የምናውቀው የቅጣቶቹን ገጽ ብቻ ነበር። አዋጆቹ ከዚያ ወዲህ ተለዋውጠዋል፤ አሠራሩ ግን በመሠረቱ ያው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአንድ ዋርድ ሄድ ነርስ ከዓመት ዕረፍት ተመልሳ የፔቲዲን ቁም ሣጥን ከፈተች። ፔቲዲን ከባድ ሕመም የሚያስታግስ፣ ሱስም የሚያስይዝ መድኃኒት ስለሆነ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉን የሚይዘው ተረኛው ነው። አንድ አምፑል በተሰጠ ቁጥር የበሽተኛው ስም፣ የካርዱ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የሰጠው ሰውና ከወጪ ቀሪው መዝገብ ላይ ይጻፋል። ባዶው አምፑልም አይጣልም፤ ተጠራቅሞ ወደ ፋርማሲ ይመለስና በልኩ ሙሉ ይሰጣል። የዚያ ዋርድ ድርሻ 20 አምፑል ነበር። መዝገቡ 14 ቀሪ ይላል። ሄድ ነርሷ ስትቆጥር 9 ሆነ። አምስት ጎደለ።

ሄድ ነርሷ የሠራችውን ልመስክርላት። ማንንም ሳትጠራና ሳትጮህ መዝገቡን፣ ዘጠኙን አምፑልና የባዶዎቹን ካርቶን በአንድ ትልቅ ፖስታና በአንድ ሣጥን አሸገች፤ እሽጉ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋ ራሷና አንድ ምስክር ፈረሙበት፤ ካዝና ውስጥም አስቆለፈችው። ያን ባታደርግ ኖሮ የቀረው ነገር ሁሉ ዋጋ አይኖረውም ነበር። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ማስረጃን የሚያጠፋው ሌባ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ማስረጃ የሚጠፋው በደጋግ ሰዎች እጅ ነው፤ መዝገቡን ለማስተካከል ብለው ይሰርዛሉ፣ ይደልዛሉ፣ ያጸዳሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ደግ አልነበረም። እሑድ ማታ ተረኛ የነበረችው አንዲት ወጣት ነርስ ናት። ቁልፉ በእሷ እጅ አድሯል። በዚያ ሳምንት ደግሞ ዕቁብ ቀድሞ እንዲሰጣት ጠይቃለች የሚል ነገር ተሰማ። ለእኛ በቂ ነበር። ማክሰኞ የእግድ ደብዳቤ ደረሳት። ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል ተብሎ የሚጠረጠርን ሠራተኛ ማገድ በያኔው ሕግ ይቻል ነበር፤ እግዱ ግን ከሁለት ወር መብለጥ አልነበረበትም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደመወዝ ይያዝ ነበር። የደብዳቤው ግልባጭ ለአምስት ክፍሎች ተመራ። ይህን ግልባጭ አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ ሰብሳቢያችን "ጠርተን እናናዛት፤ ካመነች ቅጣቱን እናቀልላታለን" አለ። ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። እኛ ቤት ልጅ ሲያጠፋ የምናደርገው እንዲህ አይደል? የተቃወመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሒሳብ ክፍሉ ተወካይ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። "ምን እንድታምን ነው የምንጠይቃት?" አለ። "አምስት መጉደሉን እናውቃለን። መቼ እንደጎደለ ግን እናውቃለን?" ዝም አልን። ሁላችንም የጠየቅነው ቁልፉ በመጨረሻ በማን እጅ እንደነበረ ነው። እሱ የሚፈልገው በትክክል የተቆጠረው በመጨረሻ መቼ እንደነበረ ነው።

ሽማግሌው በዚያው ቀን ሁለት ነገር አስደረገን። ከአምስታችን አንዱ በዚያ ሰንበት የተረኞች ተቆጣጣሪ ነበር፤ ፊርማው መዝገቡ ላይ አለ። "አንተ ምስክር ልትሆን ትችላለህ፣ ዳኛ ልትሆን ግን አትችልም" ብሎ በትሕትና ከጉዳዩ አስወጣው። ቀጥሎ የክስ ጽሑፉን አስለወጠ። የተረቀቀው "መድኃኒት በማጥፋት" የሚል ነበር። እንዲህ ላለ ክስ ማን ምን ብሎ ይመልሳል? "አላጠፋሁም" ከማለት በቀር መልስ የለውም። አዲሱ ክስ ቀኑን፣ የተረኝነት ሰዓቱን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መዝገቡ የሚለውንና የተገኘውን ቁጥር፣ ተጣሰ የተባለውን ደንብ፣ በመጨረሻም ያሉንን ማስረጃዎች ዘረዘረ፤ መዝገብ አንድ፣ ሙሉ አምፑል ዘጠኝ፣ ባዶ አምፑል ያለበት ካርቶን አንድ። በጽሑፍ እንድትመልስ አሥር ቀን ሰጠናት። ሰብሳቢያችን አሥር ቀን መስጠቱን ጊዜ ማባከን አድርጎ ነበር ያየው።

መልሷ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ለቅሶ የለበትም፣ እርግማን የለበትም። በደህና እጅ ጽሑፍ "የዘረዘራችሁትን ባዶ አምፑል ቆጥራችኋል? ካልቆጠራችሁ እኔ ባለሁበት እንዲቆጠር እጠይቃለሁ" ይላል። ቀጥላም ዓርብ ዕለት ከፋርማሲ መድኃኒት የወጣበት ሰነድ እንዲቀርብ፣ ዓርብ መድኃኒቱን የተረከበችው ነርስም ቀርባ እንድትጠየቅ ጻፈች።

እውነቱን ልናገር፤ አፈርኩ። ባዶዎቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጃችን ነበሩ። የጎደለው ሙሉ አምፑል ስለሆነ ባዶውን የሚቆጥረው ሰው አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን እሷ ባለችበት እሽጉን አሳየናት፤ ፊርማው ያልተነካ መሆኑን አይታ "ይከፈት" አለች። ሽማግሌው አንድ በአንድ እያነሳ ጋዜጣ ላይ ደረደረ። አሥራ አንድ። መዝገቡ ግን ከዓርብ ወዲህ የተሰጠው ስድስት ነው ይላል። ባዶዎቹ ከሚገባው በአምስት ይበልጣሉ።

የዓርቡ ሰነድ ሲመጣ ነገሩ ጥርት አለ። ዓርብ ጠዋት ቁም ሣጥኑ ውስጥ 10 ሙሉ፣ 10 ባዶ ነበር። ዋርዱ አሥሩን ባዶ ልኮ በሞዴል 20 አሥር ጠየቀ። ፋርማሲው በቂ ስላልነበረው በሞዴል 22 አምስት ብቻ አወጣና አምስቱን ባዶ መለሰ። የተረከበችው ነርስ ሥራ በዝቶባት፣ በሽተኛ ሲጠራት፣ ከጠየቀችበት ወረቀት ላይ አይታ "ገቢ 10፣ ቀሪ 20" ብላ ጻፈች። እውነተኛው ቀሪ 15 ነበር። ከዚያ ስድስት ሲሰጥ መዝገቡ 14 አለ፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሚኖረው ግን 9 ነው። ዘጠኝ ሙሉና አሥራ አንድ ባዶ ሲደመር ሃያ። አንድ አምፑል እንኳ አልጠፋም ነበር።

ከዓርብ ጠዋት እስከ እሑድ ማታ ስምንት ርክክብ ተደርጓል። በእያንዳንዱ ላይ አስረካቢና ተረካቢ "ቆጥሬ ተረክቤያለሁ" ብለው ፈርመዋል፤ አሥራ ስድስት ፊርማ። ቢቆጥሩ ኖሮ የመጀመሪያው ርክክብ ላይ ይያዝ ነበር። ከፊርማዎቹ አንዳንዶቹ በአንድ እስክሪብቶ፣ ምናልባትም በአንድ ጊዜ የተፈረሙ ይመስላሉ። በሽተኞቹ መድኃኒቱን በእርግጥ ማግኘታቸውን ደግሞ ስድስቱን ካርድ አውጥተን የሐኪሙን ትዕዛዝና የነርሷን ማስታወሻ አመሳክረናል። ባዶዎቹ ሞልተው መድኃኒቱ ግን ለበሽተኛ ያልደረሰበት ጊዜም ስለሚኖር ይህን ማየት ግድ ነበር። ስድስቱም ገጥሟል።

የውሳኔ ሐሳባችን "ክሱ አልተረጋገጠም" የሚል ሆነ፤ የበላይ ኃላፊውም ተቀበለው። ልጅቷ ተመለሰች፤ የተያዘው ደመወዟ ያለ ወለድ ተከፈላት። ሰብሳቢያችን በዚያው ስብሰባ የዓርቧን ነርስ እንቅጣ ብሎ ነበር። ሽማግሌው እንደገና አስቆመው። እሷ በምስክርነት ነው የቀረበችው፤ አልተከሰሰችም፣ መልስ አልሰጠችም። በአንዱ ክስ ሌላውን መቅጣት አይቻልም። በኋላ በራሷ ጉዳይ ተጠይቃ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለፈች።

እስካሁን ያወራሁት እኔን የሚያስመሰግን ሊመስል ይችላል። አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ክሱ ሳይጻፍ፣ እህቴ ቤት ቡና ስንጠጣ "ሥራ እንዴት ነው?" ብትለኝ "ተይኝ፣ አንዲት ልጅ መድኃኒት ወስዳ ጉድ ሆነናል" አልኳት። ስም አልጠራሁም። "እሑድ ማታ ተረኛ የነበረች" ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። እህቴ ለጓደኛዋ፣ ጓደኛዋ ለሌላ ነገረች። አራዳን ታውቁታላችሁ፤ የአንዱ ልጅ እሑድ ማታ ሥራ መግባቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በሁለተኛው እሑድ የልጅቷ እናት ሰንበቴ ላይ ተቀምጣ እያለች አንዷ "ልጅሽ መድኃኒት ስትሸጥ ተያዘች የሚባለው እውነት ነው?" አለቻት። ልብ በሉ፤ ከእኔ አፍ "ወስዳ" ብሎ የወጣው እዚያ ሲደርስ "ስትሸጥ ተያዘች" ሆኗል።

ምስጢር መጠበቅ ለተከሳሹ ክብር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የተረዳሁት ምርመራውን ራሱን እንደሚያበላሸው ነው። ወሬው ከወጣ በኋላ የጠራናቸው ሁለት ምስክሮች ያዩትን ሳይሆን የሰሙትን ነው የነገሩን፤ አንዷ "ቦርሳዋን ስትደብቅ አይቻለሁ" አለች። መቼ ስንላት መቀራረብ አቃታት፤ በመጨረሻ ሰው እንደነገራት አመነች። በእኔ ወሬ የተወለደ ምስክር እኔው ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጠኝ። ቃለ ጉባዔው ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

አያቶቻችን ይህን የሚያውቁት ይመስለኛል። አውጫጭ ሲወጣ፣ ማለትም አገሬው ተሰብስቦ አጥፊው እስኪገኝ ሲጠያየቅ፣ የሚጠቁመው ሰው "ወፍ" ይባል ነበር፤ ማንነቱም አይወጣም። ጠቋሚውን መጠበቅ ያውቁ ነበር። ተጠቋሚውን የሚጠብቀው ግን አልነበረም፤ ወፍ ያለውን መልሶ ለመጠየቅ መንገድ አልነበረውም። ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሚሮጥ ልጅ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ነው። ነገሩ በኋላ ተከልክሏል። እኛ በመጀመሪያው ቀን ያደረግነው ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ የእኛ ልጅ የወደቀው ቁልፉ ያደረበት ደጃፍ ላይ ነበር።

ወደ ግልባጩ ልመለስ። የእግዱ ደብዳቤ ለአምስት ክፍል ተመርቶ ነበር። ነፃ የተባለችበት ደብዳቤ ግን ለእሷና ለግል ማኅደሯ ብቻ ደረሰ። ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም፤ ጸሐፊዋ ያላዘዟትን አትጽፍም። አምስቱ ክፍሎች እስከ ዛሬ የሚያውቁት መታገዷን ነው። ሽማግሌው ሁሉን አስተውሎ ይህቺ አመለጠችው፤ እኔ አስተውያት ነበር፣ ነገሩ እንዲረሳ ስለፈለግኩ ዝም አልኩ። ልጅቷ ዓመት ሳይሞላት ዝውውር ጠይቃ ሄደች።

ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ቡናዋ ቀዝቅዞ ነበር። "እና እኛ ምን እናድርግ?" አለች።

መጀመሪያ የነገርኳት ለምን ልመና እንደማልሄድ ነው። ክሱ ሳይነገር ሽማግሌ ከላክን፣ የሚቀበለው ሰው የሚሰማው "አጥፍታለች፣ ማሩልን" የሚለውን ነው። እኔም ኮሚቴ ሳለሁ የተላኩብን ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሲወጡ እርስ በርስ "አየህ፣ አምነዋል" ነበር የምንባባለው። ወላጅ ልጁን ሊያድን ብሎ የሚያስፈርድባት በዚህ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ "ስምሽ ሳይጠፋ ራስሽ ልቀቂ" ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ማስጻፍ ነው። በፈቃዷ ከለቀቀች ተባረርኩ ብላ የምትከስበት ነገር አይኖራትም።

የግል መሥሪያ ቤት ስለሆነ የሚገዛት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚያ አዋጅ ለምርመራ የሚደረግ እግድ በኅብረት ስምምነት በተወሰነ ምክንያት የሚሆን ሲሆን ከ30 የሥራ ቀን አይበልጥም። አሠሪውም ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበታት በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱን ያጣል። የስንብት ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ያለአግባብ ከተሰናበተች ወደ ሥራ ለመመለስ የምትከስበት ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው፤ በሽምግልና ሲመላለሱ ይህቺን ሦስት ወር የሚያሳልፉ ቤተሰቦች አይቻለሁ።

ከዚያ ልጅቷን አስቀምጬ ጻፊ አልኳት። የደብዳቤው ቀን፤ ጎደለ የሚባለው የየትኛው ቀን ሒሳብ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽላት፤ የዚያን ቀን የደረሰኝ ጥራዝና የርክክብ ወረቀት እሷ ባለችበት እንዲታይ። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ላይ ተቀብለናል ብለው እንዲፈርሙላት። ስልኳን አውጥታ "እኔ ጋ እኮ ፎቶ አለ" ብላ የበሽተኞች ስም ያለበትን መዝገብ አሳየችኝ። ለማንም እንዳታሳይ፣ ለእኔም ጭምር፣ አልኳት። ለመከላከያ የሚያስፈልጋት ከሆነ "መዝገቡ ይቅረብልኝ" ብላ ትጠይቅ፤ የሰው ሕመም ስልክ ላይ ይዞ መዞር እሱ ራሱ ሌላ ክስ ይወልዳል። ለባልደረቦቿ እየደወለች "እንዲህ በይልኝ" እንዳትልም አጥብቄ ነገርኳት። ምስክር ማባበል የሚባለው እሱ ነው።

ሲወጡ እናቲቱን በር ላይ ያዝኳትና "ለማን ነግረሻል?" አልኳት። "ለአንቺና ለእህቴ ብቻ" አለች። እህትሽን አሁኑኑ ደውለሽ ዝም አሰኚያት ብላት ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ደብዳቤው ሰኞ ገባ። ሐሙስ ዕለት መልስ መጣ፤ የጎደለው የአንድ ማክሰኞ ሒሳብ ነው፣ 18,400 ብር። ልጅቷ ያን ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ለማን እንዳስረከበች የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቃለች። የምጽፍላችሁ ያ ወረቀት ገና ሳይመጣ ነው።